ማን ላይ ነው የምትጮኹት?

እኔ የምለው፣ ሰው እያመሰገነ ለምን ይጮኻል? “አመሰግናለሁ!” “ደርሶኛል!” “እሺ!” “መልካም ሳምንት!!” ዛሬ በቢሮ ኢሜይል ውስጥ ቃለ አጋኖ ያልተተከለበት መስመር ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ሆኗል። እሳት ተነሥቶ ወይም ሌባ ተይዞ እንዳይመስላችሁ። የስብሰባው ሰዓት ከአራት ወደ አራት ተኩል ስለ ተዛወረ ነው።

የእኔ ዕድሜ ያለቀው በደብዳቤ ላይ ነው። በታይፒስትነት ገብቼ በሪከርድና ማህደር ኃላፊነት ጡረታ ወጣሁ። ገቢውን በቁጥርና በቀን እመዘግባለሁ፤ ወጪው ላይ ደግሞ “ጉዳዩ” የሚለው መስመር ከሥሩ መሰመሩን፣ ማህተሙ ፊርማው ላይ በወጉ ማረፉን፣ ግልባጩ ለሚመለከተው ሁሉ መድረሱን አያለሁ። በዚያ ዘመን ቃለ አጋኖ ያለበት ደብዳቤ ከመጣ ሻዩን አስቀምጠን ነበር የምናነበው። ምልክቱ ክብደት ነበረው። ከድሮዎቹ የእንግሊዝኛ ታይፕራይተሮች ብዙዎቹ እንዲያውም ለእሱ የሚሆን ቁልፍ አልነበራቸውም። የፈለገው ሰው በመጀመሪያ ላይኛዋን ጭረት ይመታል፣ አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከዚያ ከሥሯ ነጥብ ይመታል። ለአንድ መደነቅ ይህን ሁሉ መድከም ስላለ፣ ጸሐፊው ጣቱን ከማንሣቱ በፊት “እውን ይህ ነገር ያስደንቃል?” ብሎ ራሱን ይጠይቃል። አብዛኛውን ጊዜ አያስደንቅም ነበርና በነጥብ ዘግቶ ይሄዳል። አሁን ግን ጣት ተጭና ከረሳች ሰባቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ።

የእህቴ ልጅ ስሙን በማልጠራው የውጭ ድርጅት አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። አንዳንድ ኢሜይል ሲከብዳት ስልኳን ይዛ እኔ ዘንድ ትመጣለች። “ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ተቆጥቶ ነው ወይስ አጻጻፉ እንዲህ ነው?” ትለኛለች። እኔም መነጽሬን አድርጌ እንደ ጠንቋይ ምልክት እቆጥራለሁ። እንግዲህ የጡረታ ሥራዬ ይህ ሆኗል።

በእርግጥ የፈረንጆቹን አልፈርድባቸውም። እነሱ ቸግሯቸው ነው። በእንግሊዝኛ “ላክ” እና “ይላኩ” አንድ ናቸው፤ ለዘበኛውም ለሚኒስትሩም ግሱ ያው ነው። ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ድምፅ አለ፣ ፈገግታ አለ፣ አንገት ሰበር ማድረግ አለ። ኢሜይል ላይ ያ ሁሉ ይቀርና ግሱ ራቁቱን ይደርሳል። “ፕሊስ” የምትባለውም ቃል ከብዛት የተነሣ ፈዝዛለች፤ እንዲያውም አንዳንዴ ከቁጣ ታስቆጥራለች። ስለዚህ ራቁቱን ግስ የሚያለብሱበት ሲያጡ ቃለ አጋኖ ደረቡለት። ኮፐንሃገን ያለችው የእህቴ ልጅ አለቃ “ሪፖርቱን ዓርብ ላኪልኝ፣ ቴንክስ!” ብላ ስትጽፍላት እየጮኸችባት አይደለም። “አልተቀየምኩሽም፣ ላዝሽም ብዬ አይደለም” ማለቷ ነው። የኛ ሰው ማዕድ ላይ “በሞቴ” እንደሚለው ነው። ለእንጀራ ብሎ ሊሞት የተዘጋጀ ማንም የለም፤ ግን “በሞቴ” ያላለ ባለቤት ንፉግ ተብሎ ይወራበታል።

ታዲያ የ“በሞቴ” ነገር መቼም አንድ ላይ አይቆምም። ጎረቤቷ ሁለት ጊዜ ካለች የቤቱ እመቤት ሦስት ጊዜ ማለት አለባት፤ አለዚያ አኮረፈች ይባላል። ኢሜይሉም እንዲሁ ሆነ። አንዱ ምልክት ለሁሉም ሰላምታ ከተሰጠ በኋላ፣ ያላደረገው ሰው የተቆጣ መሰለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ምስኪኗ ነጥብ ላይ የደረሰው ነው። በአሜሪካ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት በስልክ መልእክት የተላኩ አጫጭር መልሶች በነጥብ ሲዘጉ ለአንባቢው ከልብ ያልተባሉ መስለው ታይተዋል። ያው መልስ በእጅ ተጽፎ ሲቀርብ ግን ነጥቧ ምንም አላደረገችም። እንግዲህ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ኩርፊያ ሆነ። እኔ በሕይወቴ የዘጋኋቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ በዚህ ሒሳብ ጠብ ከሆኑ፣ ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ጋር የተጣላሁ ሰው ነኝ ማለት ነው።

የኔ ጣጣ የሚጀምረው ይህ የፈረንጅ ችግር ወደ አማርኛ ሲሻገር ነው። የኛ ግስ ለብሶ ነው የሚወለደው። ላክ፣ ላኪ፣ ላኩ፣ ይላኩ፣ ይላኩልን፣ ቢልኩልን፣ ቢላክልን፣ እንዲላክልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከጓደኛ እስከ ቦርድ ሰብሳቢ ድረስ ለእያንዳንዱ የሚሆን ደረጃ አለ። “ቢላክልን” ስትል አዛዥም ታዛዥም ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣሉ፤ ሪፖርቱ በገዛ እግሩ ተነሥቶ የሚመጣ ያህል ነው። እንዲህ በጥንቃቄ የለበሰ ግስ ላይ ቃለ አጋኖ ስትጨምርበት ካባው ይወልቅና ከሥሩ የኮማንዶ ልብስ ይታያል። በአማርኛ ምልክቱ የተለመደው በ“ተነሥ!” እና በ“ወደ ፊት!” ነው።

በተለይ የኔን ትውልድ ጆሮ አትንኩት። በደርግ ጊዜ የመንግሥት ደብዳቤ ግርጌ ላይ መፈክር ይጻፍ ነበር። “ኢትዮጵያ ትቅደም!” ነበረ፤ ኋላም “አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!” መጣ። ጠመኔ ይላክልን ብሎ የተጻፈ ደብዳቤ እንኳ በሞት ነበር የሚያልቀው። እጄ ብዙ እንዲህ ያለ መትቷል። ስለዚህ አንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ “ስብሰባው ሰኞ ነው!” ብላ ስትጽፍልኝ እኔ መጀመሪያ የማስበው ማን ከሥልጣን ወረደ ብዬ ነው።

አሁን የደሴውን ነገር ልንገራችሁ። የእህቴ ልጅ ደሴ ቅርንጫፍ ላሉት፣ ጡረታቸው ለቀረበ የሂሳብ ሹም በአማርኛ ኢሜይል ጻፈች። የጉዳዩ መስመር “የሩብ ዓመት ሪፖርት!!” ይላል። ከዚያ እንዲህ ይቀጥላል፦ “ሰላም አቶ እገሌ! የሩብ ዓመቱን የወጪ ሪፖርት እስከ ዓርብ ይላኩልን! ደረሰኞቹንም ስካን ያድርጉ!! እናመሰግናለን!!! 🙏🙂”

እሷ ይህን ስትጽፍ ፈገግ እያለች ነበር። እውነቷን ነው፣ ልጅቷ ቀና ናት። ከኮፐንሃገን የተማረችውን ትሕትና ነው አማርኛ ላይ ያፈሰሰችው። ሹሙ ግን ያነበቡት በሹም ዓይን ነው። “ሰላም አቶ እገሌ!” ሲል እንደ ሰልፍ ስም ጥሪ ሆነባቸው። “እስከ ዓርብ ይላኩልን!” ቀን የተቆረጠለት ትእዛዝ ነው፤ ከቀን ቀጥሎ የሚመጣ ቃለ አጋኖ ደግሞ “ባትልክ ታያለህ” የሚል ዛቻ አለበት። “ስካን ያድርጉ!!” ለተላላኪ የሚባል ነው። “እናመሰግናለን!!!” ደግሞ ገና ያላደረጉትን በሦስት ጩኸት ስላመሰገነች ሽሙጥ መሆን አለበት። የተጣመሩት እጆች ምልጃ መሰሏቸው፤ “ምን አጥፍቼ ነው የምትማጸነኝ?” አሉ። ፈገግታዋን ሲያዩማ አበቃ። በሥራ ጉዳይ የሚሥቅባቸው ሰው በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው አልገጠማቸውም።

መልሳቸውን ጻፉ። “ሪፖርቱ በደንቡ መሠረት በወሩ መጨረሻ የሚላክ መሆኑን እንገልጻለን።” ጨዋ፣ ንጹሕ፣ በአራት ነጥብ የተዘጋ አማርኛ። ከሥሩ ግልባጭ፦ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ፣ ለሰው ሀብት፣ ለውስጥ ኦዲት። የአማርኛ ደብዳቤ ሲቆጣ ድምፁን አይጨምርም። ግልባጭ ይጨምራል። ይህን ልጅቷ አታውቅም። እሷ ያየችው ነጥቧን ነው። “ጋሼ፣ ነጥብ አደረገብኝ!” ብላ መጣች። ሦስቱን ግልባጮች ዘላቸው ሄዳለች፤ ኦዲት ድረስ የተከሰሰችበትን ወረቀት ይዛ የምታለቅሰው ለአራት ነጥብ ነው።

አስቀምጬ አጻፍኳት። “የዋናው መሥሪያ ቤት ሂሳብ ሰኞ ስለሚዘጋ፣ የሩብ ዓመቱ የወጪ ሪፖርት እስከ ዓርብ ቢላክልን፣ ደረሰኞቹም ስካን ተደርገው አብረው ቢያያዙልን ሥራችንን ያቀሉልናል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።” ተመልከቱ፣ ጥድፊያው አልቀነሰም። ዓርብ ያው ዓርብ ነው። ግን ጥድፊያውን የሚሸከመው ምክንያቱ ሆነ፣ “ሰኞ ስለሚዘጋ” የሚለው። ቃለ አጋኖ የሚበዛው ብዙውን ጊዜ ምክንያት በጎደለበት ቦታ ነው። ለምን ዓርብ እንደሆነ ያልነገረ ሰው ዓርብን ጮኾ ይናገራል። ሪፖርቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገባ።

ለኮፐንሃገኗ የምትጽፈውን ግን እንዲሁ ገላልጬ አልወስድባትም። አንዲት ትበቃሻለች አልኳት፤ እሷም ከምስጋናው ወይም ከሰላምታው ጋር ትሁን። እዚያ ምንም ጉዳት የላትም። ልመና ላይ ከሆነች ትገፋለች፤ ቀን ላይ ከሆነች ታስፈራራለች። “እንደገና ላስታውስዎ” ከሚለው ቀጥሎ ከመጣች ስድብ ነች። ሐዘን ላይማ በፍጹም። አንድ መሥሪያ ቤት ባልደረባው ለሞተባቸው ቤተሰቦች “መጽናናትን እንመኛለን!” ብሎ ሲልክ በዓይኔ አይቻለሁ። ሠርግ መሰለው መሰለኝ።

እሺ፣ ወደ ካፒታሉ ልሂድ፤ እዚህ ላይ እንኳ እኛ ንጹሕ ነን። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ አይከፋፈልም። ንጉሡም አህያውም በአንድ ቁመት ይጻፋሉ። አባቶች ማክበር ሲፈልጉ ቀለም ነበር የሚለውጡት፤ በብራና መጻሕፍት የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፉ ነበር። ፈረንጅ ግን ትልልቁን ፊደል አንድ ላይ ሲደረድር ጩኸት ነው ብሎ ተስማምቷል። ይህ ከጥንት የመጣ ሕግ አይደለም። የቀድሞዎቹ ቴሌፕሪንተሮች ትንንሽ ፊደል ስለሌላቸው መልእክቱ ሁሉ በካፒታል ነበር የሚጓዘው፤ ያኔ ማንም ተጮኸብኝ አላለም። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከዚህ ልማድ የተላቀቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤታቸው ደግሞ እስከ 2016 ድረስ ትንበያውን በካፒታል ሲያወጣ ነበር። እንግዲህ “ነገ ቀላል ዝናብ ይኖራል” የሚለው ወሬ እንኳ ለዚያ ሁሉ ዘመን በጩኸት ሲነገር ኖሯል ማለት ነው።

ጩኸቱ ግን እንጀራ ማስቆረጡ አይቀርም። በኒውዚላንድ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ2007 ከሥራ ተባረረች። ከክሱ አንዱ ለባልደረቦቿ የምትልካቸው ኢሜይሎች የቢሮውን ሰላም ነሡ የሚል ነበር። ለማስረጃ የቀረበው ኢሜይል ሠራተኞች የክፍያ ጥያቄ ሲያቀርቡ ቅጹን እንዴት እንደሚሞሉ የሚያስረዳ ነው። በካፒታል፣ በደማቅና በቀለም የተጻፉ መስመሮች አሉበት። ሴትዮዋ ተከራከረች። የሥራ ግንኙነት ባለሥልጣኑ በ2009 ስንብቱ አግባብ አይደለም ብሎ 17,000 የኒውዚላንድ ዶላር ፈረደላት። ድርጅቱ ኢሜይል እንዴት እንደሚጻፍ የሚናገር መመሪያ ለሠራተኞቹ አልነበረውም። እኔ ሁለቱንም ወገን ነው የምረዳው። ቅጽ በተሳሳተ ቁጥር ሲመለስላችሁ የኖራችሁ የሂሳብ ሰዎች ለምን ካፒታል እንደሚመዘዝ ታውቃላችሁ። ግን ሁሉም መስመር በካፒታል ከሆነ የትኛው እንደሚበልጥ በምን ይታወቃል? ዓይን ጎልቶ የሚታየውን ነው የሚከተለው፤ ትልልቆቹ ፊደሎች ሁሉም እኩል ቆመው ሲጠብቁት መንገዱ ይጠፋበታል። አንዲት ቃል፣ ለምሳሌ “ከዓርብ በፊት” የሚለውን ብቻ አድምቆ መተው ይበቃ ነበር። ከተቻለም በቀይ አለማድረግ። ቀይ በእኛ ቤት ወይ የቅዱሳን ነው ወይ የመምህር እርማት ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ ከሁለቱም አይደለም።

እኛ ዘንድ ካፒታል ሌላ ጣጣ ያመጣል። በድምፅ የሚጻፍባቸው የአማርኛ ኪቦርዶች ላይ ትንሿ t ተ ስትሰጥ ትልቋ T ጠ ትሰጣለች፤ n ለነ፣ N ለኘ ናት። ስለዚህ ይህን የለመደ ሰው ፊደል ሲያጣ “ጤና ይስጥልኝ”ን በላቲን ቢጽፈው መጀመሪያ ላይ T፣ መሐል ላይ ደግሞ T፣ መጨረሻ ላይ N ይቆማሉ። ሰውየው ጠን እና ኘን በሥርዓት እየጠራ ነው። የውጭ ባልደረባው ሲያየው ግን ሰላምታው ውስጥ ሦስት ጊዜ ስቅ ያለው ሰው ነው የሚታየው። ካፕስ ሎክ ተጭኖ አማርኛ የጻፈ ደግሞ አይጮኽም፤ ይኮላተፋል። የተ ቤት ሁሉ ወደ ጠ ቤት ይዞርበታል።

ኢሞጂ። ስሙን ስጠራው ራሱ ራሴን ያመኛል።

በፊት ከውጭ የሚመጡት ኢሜይሎች መጨረሻ ላይ ብቻዋን የቆመች J ትገኝ ነበር። ቢሮው ሁሉ ተመራመረባት። አንዱ የላኪው ስም መነሻ ነች አለ፤ አንዷ ክርስቲያን ነው፣ የጌታን ስም ነው አለች። ነገሩ እንዲህ ነው። አውትሉክ ላይ ሰውየው :) ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ ዊንግዲንግስ ወደሚባል የሥዕል ፊደል ይቀይርለታል፤ በዚያ ፊደል ውስጥ የፈገግታዋ ቦታ J ላይ ነው። ተቀባዩ ጋ ያ ፊደል ካልሠራ ፈገግታው ይረግፍና ፊደሏ ብቻ ትቀራለች። ያኮረፈው ፊት ደግሞ L ነበር። ስንት ፈገግታ ተልኮልን ሳንቀበል ቀረን።

አሁን ሥዕሉ ይደርሳል፤ ትርጉሙ ነው የማይደርሰው። የደሴው ሹም ሪፖርቱን ሲልኩ የእህቴ ልጅ በ👍 መለሰች። “ደርሶኛል፣ ጎሽ” ማለቷ ነው። እሷ ራሷ ግን ከእኩያዋ አንድ ብቸኛ 👍 ሲመጣላት “ዝም በይ ማለቱ ነው” ብላ ትከፋለች። ከአለቃ ወደ ታች ሲሆን ይሁንታ፣ ከእኩያ ሲሆን ንቀት፣ ከሽማግሌ ሲሆን ሌላ ሥዕል አለማወቅ ነው አለችኝ። አውራ ጣት ያለ ምስክር የማይነበብ ነገር ሆናለች።

ካናዳ ላይማ ፍርድ ቤት ደርሳለች። ይህ በኢሜይል ሳይሆን በስልክ መልእክት የሆነ ነው፤ ግን በሥራ ጽሑፍ ላይ አውራ ጣት ለሚያነሣ ሁሉ ይመለከተዋል። በሳስካችዋን ግዛት አንድ እህል ገዢ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአንድ ገበሬ የተልባ ግዢ ውል አዘጋጅቶ፣ ፈርሞ፣ ፎቶ አንሥቶ በስልክ ላከለት። “የተልባውን ውል አረጋግጥልኝ” ይላል። ገበሬው በ👍 መለሰ። ኅዳር ላይ ተልባው መምጣት ሲገባው አልመጣም፤ ዋጋው ደግሞ በመሐሉ ንሯል። ገበሬው “እኔ መልእክቱ ደረሰኝ ማለቴ ነው፤ ውሉንማ ገና አንብቤ ልፈርም ነበር” አለ። ዳኛው ወደ ኋላ ሄደው ከዚያ በፊት በነበሩት ውሎች ሰውየው ምን ብሎ እንደመለሰ አዩ። በአጭር “ኦኬ”፣ “እሺ” ብቻ መልሶ እህሉን ያቀርብ ነበር። እንግዲያው በሁለቱ መካከል አጭር መልስ ማለት መስማማት ከሆነ አውራ ጣቷም መስማማት ናት ብለው በ2023 82,200 የካናዳ ዶላር ገደማ ፈረዱበት፤ ይግባኝ ሰሚውም በ2024 አጸናው። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግራት ሣቀች። እኔ አልሣቅኩም። ማህተም በካዝና ውስጥ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ከኃላፊው ኪስ የማይለይበት ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አሁን እያንዳንዱ ጎረምሳ አውቶብስ ውስጥ ቆሞ ማህተም ይመታል።

ሰው ዳኛው የገቡበትን በር ልብ ይበል። ዳኛው አውራ ጣት በዓለም ላይ ምን ማለት ነው ብለው ብቻ አላበቁም፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ እንዴት ሲጻጻፉ ኖሩ ብለው ጠየቁ። የእህቴን ልጅም የምላት ይህንኑ ነው። የማታውቂው ሰው ዘንድ በመጀመሪያው ኢሜይል ፊት አትላኪ። ይህን የምለው በሽማግሌነቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ ከእስራኤልና ከኔዘርላንድ የተውጣጡ ተመራማሪዎች የሠሩት ጥናት እንደሚለው፣ በማይተዋወቁ ሰዎች የሥራ ኢሜይል ውስጥ የገባች የፈገግታ ምልክት ጸሐፊውን የበለጠ ሞቅ ያለ ሰው አላስመሰለችውም፤ ችሎታውን ግን ዝቅ አድርጋ አሳይታለች። የተመሰገነ ሥራ ይዘሽ ሄደሽ በሥዕል ምክንያት ልጅ ትባያለሽ አልኳት። እሱ ካስቀደመ፣ ያኔ በመጣበት ልክ ትመልሺለታለሽ፤ እሱ አንድ ከላከ ሦስት አትመልሺለትም።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን ይህ ሁሉ መዘዝ የመጣው ቀልድ ለመለየት ተብሎ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1982 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ሰዎች ሊፍት ውስጥ ሜርኩሪ ስለ መፍሰሱ ሲቀላለዱ፣ አንዱ እውነት እንዳይመስለው ስኮት ፋልማን የተባለ መምህር ቀልዱን በ :-) እንለይ ብሎ ጻፈ። ምክንያቱ ልክ ነበር። በ2005 ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ሽሙጥና ቁም ነገር በኢሜይል የላኩ ሰዎች ተቀባዩ ከመቶ 78ቱን እንደሚለይላቸው ገምተው ነበር፤ የተለየው 56 ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ቢገምት 50 ያገኝ ነበር። ያው ነገር በድምፅ ሲነገር ግን 73 ደረሰ።

ታዲያ ይህ የፈረንጅ ችግር እኛ ቤት መድኃኒት ነበረው። ትእምርተ ሥላቅ የሚባል ምልክት አለን። ቃለ አጋኖው ተገልብጦ፣ ነጥቡ ከላይ ሆኖ፣ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ እንዲህ፦ ¡። ያልኩትን በተቃራኒው ውሰዱት ማለት ነው። ስፔኖች ይህንኑ ቅርጽ ከፊት ያስቀድሙታል፤ የነሱ ግን ሽሙጥ አይደለም። ኮምፒውተር ላይም አለ፤ በዊንዶውስ Alt ይዞ 0161 መምታት ነው። ማንም አያስታውሰውም እንጂ ከስንት ሣቂና ከስንት አልቃሽ ፊት ያድነን ነበር።

ስለዚህ እኔ መጠቀም ጀመርኩ። የሠፈራችን ዕድር ኮሚቴ ስብሰባውን ለስንተኛ ጊዜ ሲያዛውር በኢሜይል “ስለ ቀልጣፋ አመራራችሁ ከልብ እናመሰግናለን¡” ብዬ ጻፍኩላቸው። ጸሐፊው በዚያው ምሽት መለሰ። ምስጋናዬ ለመላው ኮሚቴ እንደተነበበ፣ በቃለ ጉባኤም እንደተያዘ ነገረኝ። ከሥሩም ኪቦርዴ ሳይበላሽ አልቀረምና ልጁን ልኮ ሊያሠራልኝ እንደሚችል ጨምሮበታል። በሦስት ቃለ አጋኖ ነው የዘጋው።